ስልክ ይዞ ሽንት ቤት መቀመጥና ኪንታሮት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የቀዶ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ነው። በኪንታሮት ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የማነሣው ጥያቄ "ሽንት ቤት ስንት ደቂቃ ትቆያለህ?" የሚል ነው። አብዛኛው "ኧረ አልቆይም" ይለኛል። "ስልክህንስ ይዘህ ነው የምትገባው?" ስለው ግን ፈገግ ይልና ወለሉን ማየት ይጀምራል። ከዚህ በታች ያሉት ከዚያ ፈገግታ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ናቸው።

ኪንታሮት እኔ ላይ ከየት መጣ? ከዚህ በፊት አልነበረብኝም።

ነበረብዎት። ሁላችንም ይዘነው ነው የምንወለደው። በፊንጢጣ ቱቦ ውስጥ፣ ከመውጫው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በደም ሥር የተሞሉ ሦስት ለስላሳ ትራሶች አሉ። ሥራቸው መዝጋት ነው። ጡንቻው ብቻውን ሲጨማደድ መሐል ላይ ክፍተት ይተርፈዋል፤ ያንን ክፍተት የሚሞሉት እነዚህ ትራሶች ናቸው። ቁጭ ባልንበት ፊንጢጣን ዘግቶ ከሚይዘው ግፊት ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው የእነሱ ድርሻ ነው።

በሽታ የሚሆኑት ሲያብጡና ከቦታቸው ሲንሸራተቱ ነው። ትራሶቹን ከግድግዳው ጋር አጣብቀው የያዙ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ክሮቹ እንደ አሮጌ ካልሲ ላስቲክ ሲላሉ ትራሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ በመውጫው ይጨመቃል፣ ደሙ መመለሻ ያጣል፣ የበለጠ ያብጣል። ቶምሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ይህን አስተሳሰብ በ1975 እ.ኤ.አ. ካቀረበ ወዲህ ሕክምናውም በዚሁ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ጥያቄው "ኪንታሮት እንዴት ያዘኝ?" ሳይሆን "ክሮቹን ምን አላላቸው?" መሆን አለበት።

እኔ አላምጥም፤ ቁጭ ብዬ ስልክ ነው የማየው። መቀመጥ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ወንበር ላይ ሲቀመጡ መቀመጫዎ በሙሉ ከሥር ደገፍ ያለው ነው። የሽንት ቤት መቀመጫ ግን መሐሉ ክፍት ነው። ቀለበቱ ጭንዎን ይይዛል፣ ፊንጢጣና በዙሪያው ያለው ጡንቻ ግን አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በዚያ ላይ ሰውነት "ሽንት ቤት ነን" ብሎ ያንን ጡንቻ ያላላዋል። ደሙ በስበት ወደ ታች ይወርዳል፣ ትራሶቹ ይሞላሉ፣ ከሥር የሚደግፋቸውም የለም።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሄደው ያውቁ ይሆናል። ማታ ሲወርዱ ጫማው አልገባ ይላል። የእግር ደም ሥሮች ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚከለክሉ ትንንሽ በሮች እያሏቸው እንኳ እንዲህ ያብጣሉ። የፊንጢጣ ትራሶች ደም ሥሮች ደግሞ እንዲህ ያለ በር የላቸውም።

ሁለተኛው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለሆነ ሰው አያስተውለውም። የመውጣት ስሜት ማዕበል ነው፤ ይመጣል፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ያልፋል። ስልክ ላይ ያለ ሰው ማዕበሉ ሲያልፍ አያውቅም። ከቪዲዮው ቀና ሲል ስሜቱ የለም፣ ሰገራው ወደ ላይ ተመልሷል። "ይህን ያህል ተቀምጬማ ባዶዬን አልነሣም" ብሎ መግፋት ይጀምራል። እናም "አላምጥም" ያለው ሰው መጨረሻ ላይ ያምጣል፤ ያውም ትራሶቹ ሃያ ደቂቃ ሙሉ በደም ሲሞሉ ከቆዩ በኋላ።

ማማጥስ ክሮቹን እንዴት ነው የሚያላላው?

ሲያምጡ ትንፋሽ ይያዛል፣ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ሆድ ይጨመቃል። በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ከታች ወደ ላይ የሚመለሰው ደም መንገድ ላይ ይታገታል። ፊት የሚቀላውና የአንገት ሥር የሚገታተረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንገትዎ ላይ የሚያዩት ነገር በዚያችው ሰዓት ከታችም እየሆነ ነው። ከዚያ ደረቁ ሰገራ ይመጣና የተነፉትን ትራሶች ይዞ ወደ ታች ይጎትታቸዋል። በአንድ ቀን የሚበጠስ ነገር የለም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲለጠጥ ግን በዓመታት ውስጥ ክሩ ወደ ቦታው መመለስ ይተዋል።

ማማጥዎን የሚያውቁት በትንፋሽዎ ነው። ሲገፉ መናገር ካልቻሉ እያማጡ ነው። ትክክለኛው አገፋፍ ሆድን ወደ ፊት ሰፋ አድርጎ፣ አፍን ከፈት አድርጎ፣ እየተነፈሱ ነው።

ስንት ደቂቃ ነው የሚፈቀደው?

አምስት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ካልመጣ ይነሡ፣ ይውጡ፣ ስሜቱ ሲመለስ ይግቡ።

በ2025 እ.ኤ.አ. ቦስተን ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል የወጣ ጥናት ይህን ከስልክ ጋር አያይዞ ተመልክቶታል። ለአንጀት ምርመራ የመጡ 125 ሰዎችን ስለ ሽንት ቤት ልማዳቸው ጠየቁ፤ ኪንታሮት መኖር አለመኖሩን ግን የተመለከተው መርማሪው ሐኪም ራሱ በመሣሪያ ነው። ከሦስቱ ሁለት ያህሉ ስልክ ይዘው የሚገቡ ነበሩ። ዕድሜን፣ ክብደትን፣ የአትክልት አመጋገብን፣ ማማጥንና የመሳሰሉትን ግምት ውስጥ ካስገቡ በኋላም ስልክ ይዘው በሚገቡት ላይ ኪንታሮት የመገኘቱ ዕድል በ46 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከአምስት ደቂቃ በላይ እንቀመጣለን ያሉት ስልክ ከሚይዙት 37 በመቶ፣ ከማይዙት 7 በመቶ ነበሩ።

ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሰዎቹንም በአንድ ወቅት ብቻ ስላያቸው "ስልኩ ኪንታሮት አመጣ" ብሎ መማል አይቻልም። ኪንታሮት ያለበት ሰው በሕመሙ ምክንያት ረዘም ላለ ጊዜ ይቀመጥ ይሆናል። እኔን የሳበኝ ግን ልዩነቱ በማማጥ ብቻ የሚገለጽ አለመሆኑ ነው። መቀመጡ ራሱ የሚሠራው ሥራ አለ።

አያቶቻችን ቁጢጥ ብለው ነበር የሚጸዳዱት። እነሱ ኪንታሮት አልነበረባቸውም?

ነበረባቸው እንጂ። ቁጢጥ ማለት ሁለት ጥቅም ስላለው ነው የሚወራለት።

አንደኛው የሰውነት አቀማመጥ ነው። የትልቁን አንጀት መጨረሻ እንደ ወንጭፍ አጥፎ የሚይዝ ጡንቻ አለ። ቆመን ስንሄድ ያ እጥፋት ነው የሚያስከብረን። ቁጢጥ ስንል ጡንቻው ይላላል፣ እጥፋቱ ይቃናል። መቀመጫ ላይ ስንሆን ግን ግማሹ እጥፋት እንዳለ ስለሚቆይ መንገዱ እንደተጣመመ ነው የምንገፋው። በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣ የ28 ሰዎች ሙከራ፣ ቁጢጥ ብለው የተጸዳዱት በአማካይ በ51 ሰከንድ ሲጨርሱ፣ ከፍ ባለው መቀመጫ ላይ 130 ሰከንድ ፈጅቶባቸዋል።

ሁለተኛው ጥቅም በጥናት የተለካ አይደለም፣ የራሴ አስተያየት ነው። የግቢ ሽንት ቤት የራሱ ሰዓት ነበረው። ጭን ይደክማል፣ እግር ይደነዝዛል፣ ዝንቡና ሽታው አለ፣ በዚያ ላይ ውጭ ቆሞ "አልጨረስክም እንዴ?" የሚል ጎረቤት አይጠፋም። እዚያ ውስጥ ፊልም ያየ ሰው አላውቅም። ኮንዶሚኒየም ስንገባ ያንን ሁሉ አስወግዶ ንጹሕ መቀመጫ፣ የሚቆለፍ በርና ጥሩ ኔትወርክ ሰጠን። ቤት ውስጥ ልጆች የማይደርሱበት ብቸኛው ክፍልም እሱ ሆነ።

መቀመጫዎን ነቅለው ቁጢጥ ይበሉ አልልም፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው አይችለውም። ዝቅተኛ በርጩማ ከእግርዎ ሥር ያድርጉ። ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይበቃል። ጉልበትዎ ከዳሌዎ ከፍ ብሎ፣ ክርንዎ ጭንዎ ላይ አርፎ፣ ወደ ፊት ዘንበል ማለት ነው። የቡናው በርጩማ ለዚህ ልክ ነው፤ ባለቤትዎ ይፈቅዱ እንደሆነ ግን ቀድመው ይጠይቁ።

ስልኩን ብተው ያበጠው ይመለሳል?

በደረጃው ይወሰናል። አንደኛ ደረጃ የሚደማ ግን የማይወጣ ነው። ሁለተኛው ሲያምጡ ይወጣና ራሱ ይመለሳል። ሦስተኛው በጣት ካልተመለሰ አይገባም። አራተኛው ጭራሽ አይመለስም። ልማድን መቀየር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ብዙ ይሠራል፣ በሦስተኛው ላይ ሕመሙን ይቀንሳል፣ አራተኛውን ግን ወደ ቦታው አይመልሰውም።

ያከምኩትን አንድ ሰው ልንገራችሁ። ዕድሜው 36 ነው፣ የቢሮ ሠራተኛ። ከሁለት ዓመት በፊት ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። በአብይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት ሲመጣ ከሰገራ በኋላ ደማቅ ቀይ ደም ይንጠባጠብ ነበር፤ የምትወጣና ራሷ የምትመለስ እብጠትም ነበረችው። ሕመም የለም። ጠዋት 25 ደቂቃ፣ ማታ 15 ደቂቃ ይቀመጣል። አብረን ስንደምረው በሳምንት ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ሆነ፤ ደንግጦ ደግሞ ደመረው። ሰገራው በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ፣ እንደ ፍየል በጠጥ ደረቅ ነው። ውኃ በቀን ከአንድ ሊትር በታች ይጠጣል።

በጣትና በአጭር መመልከቻ ቱቦ ስመረምረው ሁለተኛ ደረጃ ነበር፤ አንዷ ትራስ ከሁለቱ ጎላ ብላለች። የደም መጠኑ ደኅና ነው፣ በሰገራ ምርመራውም ጥገኛ ትል አልተገኘም።

ስልኩ ከበር ውጭ ይቅር፣ በርጩማ ይግባ፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል ተባባልን። ችግር የሆነብን ሰዓቱ ነበር። ለማንኛውም ሰው የምንመክረው ቁርስ ከበላ ከሃያ እና ሠላሳ ደቂቃ በኋላ እንዲሞክር ነው፤ ምግብ ሆድ ሲገባ ትልቁ አንጀት ስለሚነቃ። እሱ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ጠዋት ሽንት ቤት ሲቀመጥ የሚገፋው ያልነቃን አንጀት ነበር። ስለዚህ የጠዋቱን ተወው፤ ቢሮ ውስጥ ጾሙን ከፈታ በኋላ ስሜቱ ሲመጣ እንዲሄድ አደረግን። የቢሮው ሽንት ቤት ደግሞ ቁጢጥ የሚሉበት ዓይነት ነው። ከዚያ የተሻለ መድኃኒት ላዝለት አልችልም ነበር።

ውኃውን ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ ከፋፍሎ ሁለት ሊትር ያህል ይጠጣል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ማታ ማታ ይወስዳል። መጀመሪያ በግማሽ እንዲጀምር ነግሬው ነበር፣ አልሰማኝም፤ ሳምንቱን ሙሉ ሆዱ ሲነፋ ከረመ። እንዲህ ያሉ ገለባነት ያላቸው ምግቦች የኪንታሮትን መድማት በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ በብዙ ሙከራዎች ታይቷል፤ ግን ውጤቱ ሳምንታት ይፈልጋል።

በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ሳይዝም አሥራ ሁለት ደቂቃ እየተቀመጠ መሆኑን ነገረኝ። "ምን ትሠራለህ?" ስለው "አስባለሁ" አለ። ማሰቢያ ቦታ እንዲቀይር ነገርኩት። በአራተኛው ሳምንት ደሙ ቆመ። እብጠቷ ግን አልፎ አልፎ ብቅ ትል ነበር።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። ሦስት ቀን ዶሮና ሥጋ፣ ተልባው ተረሳ፣ ውኃው በጠላ ተተካ። በአራተኛው ቀን ድርቀት፣ ማማጥ፣ ደም። ለዚህ ነው በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሳምንት ክፍላችንን የሚሞላው። በዚህ ጊዜ ትልቋን ትራስ በላስቲክ አሠርንለት። ቀለበቷ የምትታሠረው የሕመም ስሜት ከሚጀምርበት መስመር በላይ ስለሆነ ማደንዘዣ አያስፈልግም፤ የታሠረው ሥጋ ደም አጥቶ በሳምንት ገደማ ይወድቃል፣ በዚያ ቀን ጥቂት ደም ሊታይ ይችላል። ደሙ ብዙ ከሆነ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሽንት ከተከለከለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ መመለስ ነው። ላስቲኩ ትራሷን ያነሣል እንጂ ልማዱን አያነሣም፤ ስልኩ ከተመለሰ የቀሩት ሁለት ትራሶች ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ደም ካየሁ ኪንታሮት ነው ብዬ ልተወው?

አይተዉት። የኪንታሮት ደም ደማቅ ቀይ ነው፤ ከሰገራው ጋር አይቀላቀልም፣ ከላይ ይንጠባጠባል ወይም ሶፍት ላይ ይታያል። ሰገራ ሲወጣ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሕመም ካለ ብዙ ጊዜ የፊንጢጣ መሰንጠቅ ነው፤ ሕክምናው ሌላ ነው። ደሙ የጠቆረ ወይም ከሰገራው ጋር የተለወሰ ከሆነ፣ ክብደትዎ ከቀነሰ፣ የሰገራዎ ልማድ ከተለወጠ ወይም ዕድሜዎ ከ45 ካለፈ የአንጀት ካንሰር አለመኖሩ በመሣሪያ መታየት አለበት።

ጣና ዳር ላደግን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በሐይቁና በዙሪያው ባሉ ወንዞች የዋኘ፣ ልብስ ያጠበ ወይም ዓሣ ያጠመደ ሰው ቢልሃርዚያ ሊይዘው ይችላል። የአንጀት ቢልሃርዚያም ደም ያለበት ሰገራ ያመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከቁርጠትና ከተቅማጥ ጋር። በሰገራ ምርመራ ይገኛል፣ ፕራዚኳንቴል በሚባል ክኒን ይታከማል። ቅባት እየተቀባ ወራት የሚያሳልፍ ሰው ሳይ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

በርበሬ ልተው? ድንጋይ ላይ አለመቀመጥስ?

በርበሬ ኪንታሮት አያመጣም። መሰንጠቅ ካለ ግን ያቃጥላል። ድንጋዩን ይተዉት፣ ምንም አያደርግም። ጫት ሌላ ጉዳይ ነው፦ ምግብና ውኃ ያስረሳል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ለሰዓታት ያስቀምጣል።

በባህል ሕክምና "የሚነቅሉ" ሰዎች አሉ። ልሂድ?

አይሂዱ። የሚቀባው የሚያቃጥል ነገር ትራሱን ብቻ ሳይሆን ቆዳውንና ጡንቻውንም ይበላል። ሲድን ጠባሳው ፊንጢጣውን ያጠበዋል፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን ነው የሚያምጠው።

ድንገት እንደ ባቄላ የጠጠረ እና በጣም የሚያም እብጠት ወጣብኝ።

ከውጭ ባለው ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ረጅም ማማጥ ተከትሎ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ከመጡ በማደንዘዣ ቆርጦ ማውጣት ፈጣን እፎይታ ይሰጣል። ከዚያ ካለፈ ሕመሙ ራሱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ለብ ባለ ውኃ በሳፋ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥና የሕመም ማስታገሻ ይሻላል። ሳፋው ውስጥ ስልክ ማየት ይቻል እንደሆነ የጠየቀኝ አለ። ይቻላል፤ የሳፋው ሥር ክፍት አይደለም።

መብራት ሲጠፋስ? ስልኬ እኮ ባትሪዬ ነው።

እውነት ነው፣ በኛ ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም። ባትሪውን ያብሩና ስልኩን ስክሪኑን ወደ ታች ደፍተው እጅዎ የማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ያርፋል፣ ለተቀመጡበት ሥራ ይበቃዎታል።